«ቲኤስኤች ኖርማል ነው» ተብሎ የሚታለፈው ታይሮይድ፦ አንድ አሳሳች ጥያቄ ከነመልሱና ከነአሠራሩ

ይህን ወረቀት ያዘጋጀሁት ጎንደር ውስጥ ከእኔ ጋር ዋርድ ለሚዞሩ የሕክምና ተማሪዎችና ኢንተርኖች ነው። በጤና ጣቢያ የሚሠሩ የጤና መኮንኖችም ይጠቀሙበታል ብዬ አስባለሁ። ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፤ ወጥመዱ ግን ሁለት። የመጀመሪያውን ያለፈ ተማሪ ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ላይ ይወድቃል። የሚያስፈራኝ ደግሞ ሁለተኛው ነው፤ ሰው ሊገድል ይችላል።

ታካሚዋን ለጥያቄው ስል ነው የፈጠርኳት። የማንም ሰው ታሪክ አይደለም።

ጥያቄው

የ34 ዓመት ሴት ከደባርቅ አካባቢ ከአማቷ ጋር ጎንደር መጣች። ድካም ከጀመራት 4 ዓመት ሆኗታል። ብርድ አትችልም፤ ቀን ፀሐይ ላይም ጋቢ ደርባ ነው የምትቀመጠው። ሆዷ ይደርቃል። ማለዳ ስትነሳ ያዞራታል። አንገቷ ላይ እንቅርት የለም። ክብደቷ 50 ኪሎ፣ የደም ግፊቷ 90/60 ነው። የላቦራቶሪ ውጤቷ እንዲህ ይላል፦

- ቲኤስኤች 2.1 (ኖርማሉ ከ0.4 እስከ 4.5)
- ፍሪ ቲ ፎር 0.5 ናኖግራም በዴሲሊትር (ኖርማሉ ከ0.8 እስከ 1.8)
- ሶዲየም 128፣ ፖታሲየም 4.1
- የደም ስኳር 62

ቀጥሎ ምን ይደረግ?

ሀ. ቲኤስኤች ኖርማል ስለሆነ ታይሮይዷ ደህና ነው፤ የድካሙ ምክንያት ሌላ ቦታ ይፈለግ።
ለ. ታይሮይድ ሆርሞኗ ዝቅ ስላለ ሌቮታይሮክሲን ዛሬውኑ ይጀመርላት።
ሐ. ምርመራው ከ6 ሳምንት በኋላ ይደገም።
መ. የጠዋት ኮርቲዞል ይለካ፤ ስቴሮይድ ይቅደም፤ ሌቮታይሮክሲን ከዚያ በኋላ ይጀመር።

መልሱ መ ነው። አሁን አንድ በአንድ እንየው።

ጥያቄ፦ ሀ ለምን ተሳሳተ? «ታይሮይድ ለመመርመር ቲኤስኤች ይበቃል» ተብለን ተምረን የለ?

አዎ፣ ተብለናል። ለአብዛኛው ሰውም እውነት ነው። አባባሉ ግን የሚሠራው ፒቱታሪ ዕጢ ጤነኛ ከሆነ ብቻ ነው። ቲኤስኤች የሚመነጨው ከታይሮይድ ሳይሆን ከፒቱታሪ ነው። ፒቱታሪን እንደ ዘበኛ አስቡት። በደም ውስጥ ያለውን ታይሮይድ ሆርሞን ሌት ተቀን ይጠብቃል። ሆርሞኑ ትንሽ ሲቀንስ ዘበኛው ይጮኻል፤ ጩኸቱ ቲኤስኤች ነው።

ጩኸቱ ደግሞ ትንሽ አይደለም። ፍሪ ቲ ፎር በግማሽ ሲወርድ ቲኤስኤች መቶ እጥፍ ያህል ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ የታመመው ታይሮይዱ ራሱ ቢሆን ኖሮ፣ በፍሪ ቲ ፎር 0.5 ላይ ቲኤስኤች ከ10 በጣም በላይ፣ ብዙ ጊዜም 50ን አልፎ እናገኘው ነበር። ያገኘነው 2.1 ነው። ቤቱ እየተቃጠለ ዘበኛው ቀስ ብሎ «ደህና አደራችሁ?» ካለ፣ ቤቱ ሰላም ነው አንልም። ዘበኛው ምን ሆነ ብለን ነው የምንጠይቀው።

እዚህ ጋ ቃሉን ላስተካክል። የዚህች ሴት ቲኤስኤች ኖርማል አይደለም። ቁጥሩ በኖርማሉ ክልል ውስጥ ይገኛል፤ ከፍሪ ቲ ፎሩ ጋር ሲታይ ግን በጣም ዝቅተኛ ነው። ቲኤስኤች ብቻውን አይነበብም፤ ከጎኑ ካለው ቁጥር ጋር ነው የሚነበበው። ይህ ዓይነቱ ችግር ማዕከላዊ ሃይፖታይሮይዲዝም ይባላል። ቲኤስኤች በዚህ በሽታ ዝቅ ሊል፣ ክልሉ ውስጥ ሊሆን፣ አልፎ አልፎም በትንሹ ከፍ ሊል ይችላል። ከፍ የሚለው የታመመው ፒቱታሪ የሚያመነጨው ቲኤስኤች ሥራው ደካማ ስለሚሆን ነው። መሣሪያው ይቆጥረዋል፤ ታይሮይዱ ግን በቅጡ አይሰማውም።

ስለዚህ ነው ቲኤስኤች ብቻ አዝዞ መመለስ የሚያሳስተው። ብዙ ላቦራቶሪ ገንዘብ ለመቆጠብ መጀመሪያ ቲኤስኤች ይሠራል፤ እሱ ከተዛባ ብቻ ወደ ፍሪ ቲ ፎር ያልፋል። በዚያ መንገድ ብንሄድ የዚህች ሴት ወረቀት ላይ 2.1 ብቻ ተጽፎ ወደ ቤቷ ትመለስ ነበር። ምልክቶቹ ወደ ፒቱታሪ የሚያመለክቱ ከሆነ ሁለቱን አብራችሁ እዘዙ።

ጥያቄ፦ የደጋ ሴት ናት። አዮዲን እጥረት ቢሆንስ?

ጥሩ ጥያቄ ነው። በአካባቢያችን ደጋዎች እንቅርት የታወቀ ነገር ስለሆነ ሁላችንም እጃችን ቶሎ ወደ አንገት ይሄዳል። ነገር ግን አዮዲን አጥሮት ሆርሞኑ እዚህ ድረስ የወረደ ታይሮይድ ዘበኛው ይጮኽበታል፤ ቲኤስኤች ይወጣል። ዕጢው የሚያብጠውም ለረጅም ጊዜ እየተገፋ ሲሠራ ነው። የእሷ አንገት ለስላሳ ነው፤ ቲኤስኤቿም አልወጣም። አንገቷ አለማበጡ «የታይሮይድ ችግር የላትም» አያሰኝም። የሚነግረን ታይሮይዱን የሚገፋው አካል እንደጠፋ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ፒቱታሪዋን ምን ነካው?

መልሱ ያለው በላቦራቶሪ ወረቀቱ ላይ ሳይሆን በወሊድ ታሪኳ ውስጥ ነው። ጥያቄው ላይ ሆን ብዬ ያልጻፍኩት ይህን ነው፤ በእውነተኛው ሕይወትም ማንም ጽፎ አይሰጣችሁም።

አማቷ አጠገቧ ስለምትቀመጥ መልሱን እሷ ትመልሳለች። «እናቴ፣ ትንሽ ውጭ ይጠብቁን» በሉና ታካሚዋን ለብቻዋ አነጋግሩ። ከዚያ በቀላል አማርኛ ጠይቁ፦

«እህቴ፣ የመጨረሻውን ልጅ ስትወልጂ ደም ብዙ ፈሶሽ ነበር? ራስሽን ስተሽ ነበር?»
«ከዚያ በኋላ ጡትሽ ወተት ወረደለት?»
«የወር አበባሽ ተመልሶ መጣ?»
«የብብትና የብልት ፀጉር እንደ ድሮው ይበቅላል?»

የእኛዋ ሴት መልስ ይህ ነው። ከ5 ዓመት በፊት ቤት ውስጥ ወለደች። የእንግዴ ልጁ ዘገየ፤ ደም ፈሰሳት፤ ራሷን ሳተች። በሦስተኛው ቀን ጡቷ ባዶ ነበር። ሕፃኑን ጎረቤት አጠባችው፤ በኋላ በላም ወተት አደገ። የወር አበባ ከዚያ ወዲህ አላየችም። ፀጉሩም ጠፍቷል። ሰዎች «ድንጋጤው ነው» ብለዋት ነበር።

ይህ ሺሃን ሲንድረም ይባላል። ስሙን ያገኘው በ1937 እ.ኤ.አ. በሽታውን በዝርዝር ከጻፈው እንግሊዛዊ ፓቶሎጂስት ከሃሮልድ ሺሃን ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። በእርግዝና ጊዜ ፒቱታሪ ያድጋል፤ ወተት የሚያዝዙት ሴሎች ይበዙበታል። ደም የሚያገኘው ግን በአብዛኛው ግፊቱ ዝቅ ባለ የደም ሥር በኩል ነው። ያደገ ዕጢ ብዙ ደም ይፈልጋል። በወሊድ ጊዜ ደም ፈስሶ ግፊት ሲወድቅ መጀመሪያ የሚራበው እሱ ነው። የፊተኛው ክፍሉ ይሞታል። ወተት ያለመውረዱ የመጀመሪያው ምልክት ነው፤ የወር አበባ መቅረት ይከተላል። የታይሮይድና የኮርቲዞል እጥረት ግን ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ከወሊዱ ብዙ ዓመት በኋላ ስለሚገለጥ ሴትየዋም ሐኪሙም ሁለቱን ላያያይዙት ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ሆርሞኑ እንደጎደላት ካወቅን ለ ለምን ተሳሳተ? የጎደለውን መስጠት አይደለም ሥራችን?

ሁለተኛው ወጥመድ ይህ ነው። እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ።

ፒቱታሪ የሚያዝዘው ታይሮይድን ብቻ አይደለም። አድሬናል ዕጢ ኮርቲዞል እንዲሠራም ያዝዛል። ፒቱታሪ ከሞተ ኮርቲዞልም ሳይጎድል አይቀርም። ወረቀቱን እንደገና ተመልከቱት። ግፊት 90/60፣ ስኳር 62፣ ሶዲየም 128። ሶዲየም በታይሮይድ እጥረት ብቻም ሊወርድ ይችላል። ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ ግን ኮርቲዞልን መጠርጠር ግድ ነው።

ፖታሲየሟ ኖርማል መሆኑ እንዳያዘናጋችሁ። ፖታሲየም ከፍ የሚለው አድሬናል ራሱ ሲታመም ነው፤ ያኔ አልዶስትሮንም አብሮ ይጠፋል። ፒቱታሪ ሲታመም አልዶስትሮን በአብዛኛው ይተርፋል፤ ምክንያቱም አዛዡ ኩላሊት በኩል ነው። ቆዳዋም አይጠቁርም፤ እንዲያውም ይገረጣል። ስለዚህ «ፖታሲየም ደህና ነው፣ ቆዳዋ አልጠቆረም» ብሎ የኮርቲዞል እጥረትን መሻር አይቻልም።

አሁን ሌቮታይሮክሲን ብቻ ብንሰጣትስ? ታይሮይድ ሆርሞን ሁለት ነገር ያደርጋል። የሰውነትን የሥራ ፍጥነት ይጨምራል፤ ስለዚህ ብዙ ኮርቲዞል ያስፈልጋል። ጉበት ኮርቲዞልን የሚያስወግድበትን ፍጥነትም ይጨምራል። ፍላጎት ወጣ፣ ያለችውም ጥቂት ቶሎ አለቀች። ሰውነቷ እስከ ዛሬ የቆመው ሁሉም ነገር በዝግታ ስለሚሄድ ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ ማስመለስ፣ የሆድ ሕመም፣ የግፊት መውደቅ፣ ራስን መሳት ሊመጣ ይችላል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይህ ነው፤ ጆሮ ደግፉን ያመጣነው ግን እኛ ነን።

ታይሮክሲን ለጥቂት ቀናት ቢዘገይ ችግር የለውም። በደም ውስጥ ግማሹ እስኪወገድ 7 ቀን ገደማ ይወስዳል፤ እሷ ደግሞ ለዓመታት ያለ በቂ ሆርሞን ቆይታለች። ኮርቲዞል ግን በሰዓታት ነው የሚቆጠረው። ቅደም ተከተሉ የሚወጣው ከዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ሐስ? መድገም ምን ይጎዳል?

ሐ ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ። በሳንባ ምች ወይም በሌላ ከባድ ሕመም ዋርድ የተኛ ሰው እንዲህ ያለ ውጤት ሊያመጣ ይችላል። የታመመ ሰውነት ለጊዜው የታይሮይዱን ሥራ ይቀንሳል። ያኔ ሰውየው ድኖ፣ 6 ሳምንት ያህል ቆይቶ ይደገማል። የሚጥል በሽታ መድኃኒት፣ ማለትም ፌኒቶይን ወይም ካርባማዜፒን የሚወስድ ሰውም ፍሪ ቲ ፎሩ ዝቅ ብሎ ሊነበብ ይችላል። እነዚህን ጠይቁ። የእኛዋ ሴት ግን ድንገተኛ ሕመም የላትም፤ መድኃኒት አትወስድም፤ የወሊድ ታሪኳ ግልጽ ነው። 6 ሳምንት ብትጠብቅ በመሃል አንድ ትኩሳት ወይም ተቅማጥ ሊጥላት ይችላል።

ጥያቄ፦ እሺ፣ መ ነው። በተግባር እንዴት ይሠራል?

*1. አሁን አደጋ ላይ መሆኗን እዩ።* ግፊቷ በጣም ከወደቀ፣ ካስመለሳት፣ ከተደናገረች ወይም ከፈዘዘች ውጤት አይጠበቅም። ከተቻለ ለኮርቲዞል ደም ቅዱና ወዲያው ሃይድሮኮርቲዞን 100 ሚሊግራም በደም ሥር ስጡ። ኖርማል ሳላይን ክፈቱ፤ ስኳሯ ከወረደ ግሉኮስ ስጡ። ከዚያ ሃይድሮኮርቲዞን 50 ሚሊግራም በየ6 ሰዓቱ ይቀጥላል። አንድ ጥንቃቄ አለ። ኮርቲዞል ሲገባ የተያዘው ውኃ በሽንት ይለቀቅና በደም ውስጥ ያለው ሶዲየም ቶሎ ከፍ ሊል ይችላል። ሶዲየም በፍጥነት ከፍ ሲል አንጎልን ስለሚጎዳ እየደጋገማችሁ ለኩት።

*2. የተረጋጋች ከሆነ ኮርቲዞሉን በሰዓቱ ቅዱ።* እዚህ ላይ የእኛ አገር ልዩ ስህተት አለ። የውጭው መጽሐፍ «8 ሰዓት» የሚለው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። ትእዛዙ ላይ «8 ሰዓት» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ ደሙ ከምሳ በኋላ ሊቀዳ ይችላል። ኮርቲዞል ደግሞ በማንም ሰው ላይ ማለዳ ከፍ ብሎ ከሰዓት በኋላ ይወርዳል። ጤነኛዋም ሴት በሽተኛ ትመስላለች። ስለዚህ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» ብላችሁ በፊደል ጻፉት። ከሩቅ የመጣች ከሆነ ጎንደር አድራ ማለዳ ትምጣ፤ ከደባርቅ በጠዋት መኪና ተነስታ ሰዓቱ ላይ አትደርስም።

ደም ከመቀዳቱ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ። ለመገጣጠሚያ ሕመም ወይም ለአስም ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን ወስዳ ታውቃለች? ዴክሳሜታዞን የራሷን ኮርቲዞል ዝቅ ያደርገዋል። ፕሬድኒሶሎንም ያንኑ ያደርጋል፤ በዚያ ላይ በአንዳንድ መሣሪያ ራሱ እንደ ኮርቲዞል ሊቆጠር ይችላል።

*3. ውጤቱን አንብቡ።* ከ3 ማይክሮግራም በዴሲሊትር በታች ከሆነ እጥረት አለ ለማለት ይበቃል። ከ15 በላይ ከሆነ እጥረቱ የመኖሩ ዕድል ትንሽ ነው። በመሃል ያለው አድሬናልን በመርፌ አነሳስቶ የሚለካ ምርመራ ይፈልጋል። ያ ምርመራ ካልተገኘና ታሪኳ እንዲህ ግልጽ ከሆነ፣ ስቴሮይዱን ጀምሮ ምርመራውን ሲመች መሥራት ይሻላል ብዬ አምናለሁ። የእኛዋ ሴት ውጤት 2.4 መጣ። ነገሩ አለቀ።

*4. ስቴሮይድ ጀምሩ።* ሃይድሮኮርቲዞን በክኒን ከተገኘ ማለዳ 10፣ ከሰዓት በኋላ 5 ሚሊግራም። ካልተገኘ ፕሬድኒሶሎን ማለዳ 5 ሚሊግራም ይተካዋል። ፕሬድኒሶሎን በየፋርማሲው ስለሚገኝና ርካሽ ስለሆነ ገጠር ለምትኖር ሴት ብዙ ጊዜ የሚያዋጣው እሱ ነው።

*5. ከጥቂት ቀናት በኋላ ሌቮታይሮክሲን ጨምሩ።* ሙሉ መጠኑ በኪሎ 1.6 ማይክሮግራም ገደማ ነው። ለ50 ኪሎ 80 ይሆናል። ወጣት ናት፣ ልብዋ ደህና ነው። በ50 ጀምሬ ወደ 75 አሳድጋለሁ። በባዶ ሆድ፣ ከቡና በፊት፣ በውኃ ትዋጠው። ቡናው ግማሽ ሰዓት ይቆያል። እንኳን ጎንደር፣ የትም አገር ቡና አቆሚ ቢባል የሚሰማ የለም፤ አቆይው ቢባል ግን ይሰማል።

*6. ራስ ምታትና የማየት ችግር ጠይቁ።* ካለ ፒቱታሪ ላይ ዕጢ ሊሆን ስለሚችል ኤምአርአይ ያስፈልጋል። ባይኖርም ሲቻል ይሠራ። መድኃኒቱ ግን ኤምአርአይ አይጠብቅም።

ጥያቄ፦ ስትመለስ ምን ይለካል?

ይህ የጥያቄው ተከታይ ነው፤ በሌላ ቀን ለብቻው ልጠይቃችሁ እችላለሁ። ከ6 ሳምንት በኋላ ሴትየዋ መጣች። ጋቢዋን ትከሻዋ ላይ ጥላለች እንጂ አልተጠቀለለችም። ግፊቷ 110/70 ነው። ወረቀቱ ቲኤስኤች 0.05፣ ፍሪ ቲ ፎር 1.4 ይላል። ተረኛው ሐኪም ቲኤስኤቹን አይቶ «መድኃኒቱ በዝቷል፣ ወደ 25 ይውረድ» ሊል ብዕሩን አነሳ።

ተሳስቷል። ለተራ የታይሮይድ በሽተኛ ትክክል ይሆን ነበር። እዚህ ግን ዘበኛው ከመጀመሪያውም ታሞ ነበር፤ ትንሽ ሆርሞን ሲገባ ጭራሽ ዝም ይላል። የእሷ መጠን የሚስተካከለው በፍሪ ቲ ፎር ብቻ ነው። በኖርማሉ ክልል ከመሃል ወደ ላይ ባለው ግማሽ ላይ እንዲቆም እንፈልጋለን። 1.4 እዚያ ላይ ነው። መጠኑ አይነካም። ደሙ ግን የዕለቱን ክኒን ከመዋጧ በፊት ይቀዳ፤ ከዋጠች በኋላ ለጥቂት ሰዓታት ፍሪ ቲ ፎር ከፍ ይላል።

ካርዷ ላይ ሦስት መስመር በትልቁ ጻፉላት፤ ቤት ላለ ማንበብ ለሚችል ልጅም አስረዱ፦

ፒቱታሪዋ አይሠራም። የታይሮይድ መድኃኒቷ በቲኤስኤች አይስተካከልም፤ ፍሪ ቲ ፎር ብቻ ይታይ።
ስቴሮይድ አይቋረጥም። ትኩሳት ካላት እስኪሻላት መጠኑ እጥፍ ይሁን።
ካስመለሳትና ክኒን መያዝ ካልቻለች በአቅራቢያዋ ባለ ጤና ጣቢያ ሃይድሮኮርቲዞን 100 ሚሊግራም በጡንቻ ወይም በደም ሥር ይሰጣት፤ ከዚያ ወደ ሆስፒታል ትላክ።